ኦዲተሩ የግል ሂሳባችሁን ስቴትመንት ሲጠይቅ



በቆሰበር ዋና መንገድ ላይ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ትንሽ ካርቶን ተለጥፎ ታያላችሁ። የባንኩ ስም፣ ረጅም ቁጥርና የአንድ ሰው ስም ተጽፎበታል። ደንበኛው ዕቃውን ያነሳል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ወደዚያ ቁጥር ያስተላልፋል። እኔ በገበያ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህቺን ካርቶን እወዳታለሁ፤ «ጥሬ ብር አልያዝኩም» የሚለውን ሰበብ ታስቀራለችና። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቶኗ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የሱቁ ስም አይደለም። የባለቤቷ ነው፣ የባሏ ነው፣ አንዳንዴም ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ ስም ነው። ደመወዝም፣ ዕቁብም፣ ከዓረብ አገር የሚላክ የእናት መጦሪያም የሚገባው በዚያው ቁጥር ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የታክስ ኦዲተር ይመጣና «የግል ሂሳብዎን ስቴትመንት ያምጡ» ይላል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ ደንግጦ ያለውን ሁሉ፣ የባሉንና የልጁን ጭምር፣ አሳትሞ ያስረክባል። ሌላው «የግሌ ነው፣ አይመለከትህም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። የዛሬው ወጋችን በሁለቱ መካከል ስላለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ የቆሰበር ባለሱቅ ጉዳይ የሚታየው በክልሉ የገቢዎች መዋቅር፣ በክልሉ አዋጅ ነው። የክልል የታክስ አስተዳደር ሕጎች ደግሞ በአብዛኛው የፌዴራሉን የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ን ተከትለው የተቀረጹ ናቸው። የፌዴራሉ አዋጅ አንቀጽ 65 ለታክስ ባለሥልጣኑ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። በጽሑፍ ማስታወቂያ ማንንም ሰው፣ ግብር ከፋይ ሆነ አልሆነ፣ ስለራሱም ሆነ ስለሌላ ሰው የታክስ ጉዳይ መረጃና ሰነድ እንዲያቀርብ ማዘዝ ይችላል። «ማንንም ሰው» ሲል ባንኩንም ይጨምራል። የባንክ ምስጢር የሚባለው ነገር በዚህ በኩል አይከለክለውም።

ስለዚህ «የግል ሂሳብ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ሕጉ ሂሳብን «የግል» እና «የንግድ» ብሎ አይከፍልም፤ የሚያየው ሰነዱ ለታክሱ ጉዳይ ያለውን አግባብ ነው። ባንኮኒው ላይ የተለጠፈ ቁጥር ደግሞ፣ በማንም ስም ይሁን፣ ከንግዱ ጋር ግንኙነት እንዳለው ካርቶኗ ራሷ ትመሰክራለች።

ጋሻው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ «በጽሑፍ» በምትለው ቃል ውስጥ። ኦዲተሩ በቃል ሲጠይቃችሁ ሳትቆጡ፣ በትህትና፣ «እሺ፣ አቀርባለሁ፤ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» በሉ። ይህ እምቢታ አይደለም። ደብዳቤው ሲመጣ አራት ነገር ፈልጉበት፦ የሚመረመረው የትኛው የግብር ዘመን ነው? የሚመረመረው የትኛው የታክስ ዓይነት ነው? የተጠየቀው የማን ሂሳብ ነው? እስከ መቼ ይቅረብ ይላል? የእኛ የግብር ዘመን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የተጠየቀው የ2016 ከሆነ፣ ከባንክ የምታሳትሙት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያለውን ነው። «ለማንኛውም» ብላችሁ አምስት ዓመት ማሳተም አያስፈልግም። ያልተጠየቀ ዓመት መስጠት ያልተጠየቀ ጥያቄ መጋበዝ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። የአልጋ ልብስና መጋረጃ የምትሸጥ፣ በደረጃ «ለ» የምትመደብ አንዲት የቆሰበር እናት አለች እንበል። የ2016 ዓመታዊ ሽያጯን 780,000 ብር ብላ አሳውቃለች። ሁለት ሂሳብ አላት። በሱቁ ስም በከፈተችው ሂሳብ በዓመቱ 640,000 ብር ገብቷል፤ በግሏ ሂሳብ ደግሞ 486,000 ብር።

ኦዲተሩ የሚሠራው ሥራ ቀላል መደመር ነው። የሁለቱን ሂሳብ ገቢ ይደምራል፤ 1,126,000 ብር ይመጣል። ካሳወቀችው 780,000 ሲቀነስ 346,000 ብር ይተርፋል። ይህ «ያልተገለጸ ሽያጭ» ተብሎ ከተያዘና ወጪ ካልተቀነሰለት እንዳለ ትርፍ ይሆናል። በዚያ ዓመት በሥራ ላይ በነበረው መጣኔ ከ130,800 ብር በላይ ያለ ዓመታዊ ትርፍ 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። የእሷ ትርፍ ከዚያ መስመር አልፎ ከሆነ፣ በ346,000 ብሩ ላይ የሚጠየቀው ተጨማሪ ግብር 121,100 ብር ነው። ወለዱና ቅጣቱ ገና አልተቆጠረም። ሌላም አለ፦ በዚያን ጊዜ ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ነበር። በአንድ መደመር ብቻ ሴትዮዋ ደረጃዋ ተቀየረ ማለት ነው።

ግን በግል ሂሳቧ የገባው 486,000 ብር ምንድን ነው? መስመር በመስመር እንይ።

84,000 ብሩ ከራሷ የሱቅ ሂሳብ በየወሩ 7,000 ብር ለቤት ወጪ ያዛወረችው ነው። ይህ ብር በሱቁ ሂሳብ ላይ አንዴ ተቆጥሯል፤ እዚህም ሲቆጠር ሁለት ጊዜ ሆነ። በእንዲህ ዓይነት ምርመራ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ይኸው ነው። ማስረጃው ሁለቱን ስቴትመንት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ በአንዱ ወጪ፣ በሌላው ገቢ፣ ቀኑና መጠኑ አንድ።

120,000 ብሩ ዕቁብ ነው። በወር 10,000 ብር እየጣለች ለአሥራ ሁለት ወር፣ በተራዋ አንዴ ወሰደች። ዕቁብ ገቢ አይደለም፤ የራስ ገንዘብ ተጠራቅሞ መመለሱ ነው። ማስረጃው ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት የአባላት ዝርዝርና የዕጣ ቀን ያለበት ወረቀት ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳምነው ግን በስቴትመንቱ ወጪ በኩል በየወሩ የምትታየው 10,000 ብር ናት።

96,000 ብሩን በአራት ጊዜ የላከችው ዓረብ አገር ያለች እህቷ ናት፤ ለእናታቸው መጦሪያ። ይህም የሱቅ ሽያጭ አይደለም። የላኪዋ ስም ያለበት የባንክ ደረሰኝ ይበቃል። ብሩ በሰው እጅ መጥቶ በጥሬው ገቢ የተደረገ ከሆነ ግን ማስረዳቱ ከባድ ነው፤ በስቴትመንቱ ላይ የሚታየው «ጥሬ ገንዘብ ገቢ» ብቻ ነውና።

50,000 ብሩ ብድር ነው። የብድር ውሉና የክፍያ ሰሌዳው ጉዳዩን ይዘጋል።

70,000 ብሩ የአካባቢያችን ነገር ነው። ፋግታ ለኮማ ያለ ወንድሟ ዲከረንሱን ከሰል አድርጎ ለመኪና ጫኝ ሸጠ። እሱ የባንክ ሂሳብ ስለሌለው ገዢው ብሩን በእሷ ቁጥር ላከ፤ እሷም በዚያው ሳምንት አውጥታ ሰጠችው። ይህ ከሁሉም መስመር አደገኛው ነው፤ ነጋዴ ለነጋዴ የከፈለው ይመስላል። የሚያድናት ሦስት ነገር ነው፦ ብሩ በቀናት ውስጥ በዚያው መጠን መውጣቱ፣ ወንድሟ «ብሩ የእኔ ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀትና የከሰሉን ሽያጭ የሚያሳይ ማንኛውም ሰነድ። የከሰሉ ገቢ ግብር ካለበት የወንድሟ ጉዳይ እንጂ የሱቁ አይደለም።

የቀረው 66,000 ብር እውነተኛ ሽያጭ ነው። የሱቁ ሂሳብ ኔትወርክ እምቢ ሲል ደንበኞች በግል ቁጥሯ የላኩት።

አሁን እንደምር። በሱቁ ሂሳብ 640,000፣ በግሉ ሂሳብ ሽያጭ የሆነው 66,000፣ ባንክ ሳይገባ ለኪራይና ለዕቃ መግዣ የዋለ የጥሬ ብር ሽያጭ 74,000፤ በድምሩ 780,000። ልክ ያሳወቀችው ነው! አንድ ብር አልደበቀችም። ልዩነቱ ግን ማብራሪያ ይዛ በመቅረቧና ባለመቅረቧ ላይ ነው።

እንግዲህ «ምን ልስጥ?» ወደሚለው እንመለስ። መልሱ እንደ ሂሳቡ ዓይነት ይለያያል።

የሽያጭ ብር የገባበት ሂሳብ ከሆነ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ የተጠየቀውን ዘመን ሙሉውን ስጡ። ባንኩ ማኅተም ያሳረፈበት፣ ገጽ ያልተጎደለበት ይሁን። ብዙ ሰው «ወጪዬን ለምን ያያል? የሐኪም ቤቱን፣ የልጄን ትምህርት ቤት፣ ለዘመድ የሰጠሁትን ለምን ይቆጥራል?» ብሎ የወጪውን ዓምድ በጥቁር ቀለም ሊሸፍን ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ከላይ ያለውን ምሳሌ መለስ ብላችሁ እዩት። ዕቁቡን ያስረዳው የወጪ ዓምድ ነው። የወንድሟን ብር ያስረዳው የወጪ ዓምድ ነው። የወጪውን ዓምድ ስትሸፍኑ የምትሸፍኑት የራሳችሁን ምስክር ነው። የቤታችሁን ጉዳይ በተመለከተ፣ የታክስ ሠራተኛ በሥራው ያወቀውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በዚሁ አዋጅ ተጥሎበታል። ስቴትመንታችሁ በሌላ ሰው አፍ ከተሰማ ለኃላፊው በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ።

ምንም የንግድ ብር ያልነካው ሂሳብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ብቻ የሚገባበት ወይም የልጅ ቁጠባ፣ መጀመሪያ ምንነቱን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የአሠሪውን ማስረጃ አያይዙ። ብዙ ጊዜ ኦዲተሩ የሚፈልገው ሱቁ በዚያ በኩል እንደማይሸጥ ማወቅ ነው። «የለም፣ ስቴትመንቱም ይቅረብ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ግን አቅርቡ። እምቢ ብትሉ ጥያቄው ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ መረጃው መድረሱ አይቀርም፣ የእናንተ ማብራሪያ ግን አብሮት አይደርስም።

የባል ወይም የሚስት ሂሳብ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በአገራችን ግብር የሚከፈለው በየግል ነው፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ አያሳውቁም። ባንኩም የባለቤታችሁን ስቴትመንት ለእናንተ አይሰጥም። ስለዚህ «የእሱን ሂሳብ ከፈለጋችሁ በስሙ ጻፉለት» ማለት ተገቢ መልስ ነው። ካርቶኗ ላይ ያለው ቁጥር የእሱ ከሆነ ግን በዚህ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ደብዳቤው በስሙ ይጻፍ፣ እሱም ያቅርብ። የዕድር ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ብሩ በስማችሁ ከተቀመጠ ደግሞ ቃለ ጉባኤውንና የአባላቱን ዝርዝር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ገንዘቡ የእናንተ ብቻ አይደለምና አባላቱም ቢያውቁ ይሻላል።

ፈጽሞ የማይሰጥም ነገር አለ። የሞባይል ባንኪንግ የምስጢር ቁጥር አይሰጥም። ስልክን ከፍቶ «እዩት» ብሎ ማስረከብም አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ሰነድ ነው፣ ሰነዱም ከባንክ ይገኛል። ዋና ውሎችንና ደረሰኞችን አሳዩ፣ የምታስቀሩት ግን ቅጂውን ይሁን።

አሰጣጡም ወግ አለው። ስቴትመንቱን ብቻውን አታስረክቡ። ከፊቱ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርጉ፦ ቀን፣ የገባው መጠን፣ ከየት፣ ምንነቱ፣ ማስረጃው። ትንንሾቹን መስመሮች በዓይነት ሰብስቡ፣ ትልልቆቹን ለየብቻ አስፍሩ። መጨረሻ ላይ ድምሩ ከባንኩ ድምር ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አሥር ብር ቢጎድል የቀረውን ሁሉ ያጠራጥራል። ከዚያ በሸኚ ደብዳቤ፣ የገጹን ብዛት ጽፋችሁ፣ በመዝገብ ቤት አስገቡ። በቅጂያችሁ ላይ ቀንና ማኅተም ይምታበት። በካፌ፣ በመንገድ፣ በሦስተኛ ሰው በኩል የተሰጠ ሰነድ እንዳልተሰጠ ነው፤ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

በሠንጠረዡ ላይ «አላውቀውም» የምትሉት መስመር ካለ ምንጩን ከባንኩ አጣሩ እንጂ ታሪክ አትፍጠሩለት። ሽያጭ ሆኖ ሳታሳውቁት የቀረ ብር ካገኛችሁም «ብድር ነው» አትበሉ። የብድሩ ውል ይጠየቃል፣ አበዳሪው ይጠራል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ዕቁብም አይታመንም። ይህን ያህሉ ሽያጭ ነው፣ ያወጣሁበት የዕቃ መግዣ ደግሞ ይህ ነው ብሎ ደረሰኝ ማቅረብ ይሻላል፤ ያኔ ክርክሩ በትርፉ ላይ ይሆናል እንጂ በጠቅላላ ብሩ ላይ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ከውሳኔ በፊት ሆነ? ውሳኔ ከወጣ በኋላ መንገዱ ስለሚጠብ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ፣ የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። በቅሬታው ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ለዚያ ግን ከሚከራከርበት ታክስ ግማሹን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። ለባለሱቋ ይህ ከ121,100 ብሩ ላይ 60,550 ብር ማለት ነው፤ ያላተረፈችበትን ብር ለማስረዳት ብቻ። በዚህ ላይ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በጊዜው ብትቀርብ ይህንን ሁሉ ታስቀራለች። ውሳኔው ከደረሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምታደርጉት የተቀበላችሁበትን ቀን በወረቀቱ ላይ መጻፍ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ክልላችሁ የሚጠቀምበትን ቀንም ከውሳኔው ደብዳቤ ላይ አንብቡ።

በመጨረሻ፣ ወደዚያች ካርቶን። ነገ ጠዋት ሱቃችሁን ስትከፍቱ የማንን ስም እንደያዘች እዩ። የግል ቁጥር ከሆነች ንቀሏትና በሱቁ ስም የተከፈተውን ቁጥር ለጥፉ። ኔትወርክ ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ሁለተኛ ቁጥር ካስፈለጋችሁም እሱም የሱቁ ይሁን። ወንድማችሁ በቁጥራችሁ ብር ላስገባ ሲል የራሱን ሂሳብ እንዲከፍት እርዱት። ዕቁብ ስትጥሉ በባንክ አስተላልፉ፣ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታ ላይም «ዕቁብ» ብላችሁ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቴትመንቱ ሲታተም ያቺ አንድ ቃል ከእናንተ ቀድማ ትመልስላችኋለች።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ሰላም ቆዩ።